«መብቱ የባለቤቱ ነው» ብሎ መጻፍ አይበቃም

ጥያቄ፦ «በዩቲዩብ ቻናሌ አዳዲስ የሙዚቃ ክሊፖችን እያሳየሁ የራሴን ትንተና እሰጣለሁ። በመግለጫው ላይ ምንጩን ጠቅሼ ‹መብቱ የባለቤቱ ነው፤ የቅጂ መብት የመጣስ ዓላማ የለኝም› ብዬ እጽፋለሁ። ከክስ የሚጠብቀኝ ርዕስና መግለጫ እንዴት ይጻፋል?»

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ከክሊፑ ስንት ደቂቃ እንደሚያሳዩ፣ እያቆሙ ይናገሩ ወይም ሳያቋርጡ ያጫውቱ እንደሆነ አልነገሩንም። ዋናው ነገር ግን እሱ ነው።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንቀጽ 10 ከታተመ ሥራ መጥቀስን የሚፈቅደው ጥቅሱ ለዓላማው ከሚያስፈልገው ሳይበልጥ፣ ምንጩም ተገልጾ ሲቀርብ ነው። ምንጭ መጥቀስ እንግዲህ ግዴታ እንጂ ፈቃድ አይደለም።

ደንበኞቻችን ደጋግመው የሚወድቁበት ወጥመድ እርስዎ የጠቀሱት ዓረፍተ ነገር ነው። የዩቲዩብ ኮንተንት አይዲ ድምፁንና ምስሉን ከባለመብቶች ፋይል ጋር ያመሳስላል እንጂ መግለጫዎን አያነብም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ ሥራው የሌላ ሰው መሆኑን አስቀድመው እንደሚያውቁ በራስዎ ጽሑፍ ያረጋግጥብዎታል። ርዕሱ «አዲስ ክሊፕ ሙሉው» የሚል ከሆነ ጉዳቱ ይብሳል፤ ተመልካች ወደ ዋናው ሳይሄድ እርስዎ ዘንድ እንዲያይ ጋብዘዋልና።

በ2017 (እ.ኤ.አ.) የኒው ዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት በዩቲዩበሮቹ በኢታንና በሂላ ክላይን ላይ፣ የሌላ ሰው ቪዲዮ ቀንጭበው በማሳየታቸው የቀረበውን ክስ በተመለከተ ለሁለቱ ፈርዷል። ከ5 ደቂቃ ከ24 ሰከንዱ ቪዲዮ 3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ያህሉን ወስደዋል፤ ያዳናቸው ግን በ14 ደቂቃ ገደማ ሥራቸው ውስጥ በየቅንጭቡ መሃል እያቆሙ መተቸታቸው ነው። ዳኛዋ ያለ ትችት አብሮ ከመመልከት የማይለዩ የሪአክሽን ቪዲዮዎች እንዳሉም ለይተው ጠቅሰዋል።

ስለዚህ ርዕስዎ የዘፈኑን ሳይሆን የእርስዎን ሐሳብ ያስቀድም፤ ለምሳሌ «የክሊፑ ምስል ከግጥሙ ጋር ለምን አልተስማማም? ትንተና»። በመግለጫው የመጀመሪያ መስመሮች ላይ፣ ማለትም ተመልካቹ ሳይዘረጋው በሚታየው ክፍል፣ «በዚህ ቪዲዮ ሦስት ትዕይንቶችን ወስጄ የካሜራውን አያያዝ ከግጥሙ ጋር አነጻጽራለሁ» ብለው ይጻፉ። ከዚያ የዘፈኑን ስም፣ የድምፃዊውን፣ የዳይሬክተሩንና ክሊፑን የጫነውን ቻናል ስም ከሊንኩ ጋር ያስቀምጡ፤ የተጠቀሙባቸውን ቅንጭቦች ደቂቃም ይጨምሩ። በቪዲዮው ውስጥ የሌለ ትንተና ግን በመግለጫ አይፈጠርም፤ እባክዎ ራስዎን አያታልሉ።

አንድ ነገር ደብቀውን እንደሆነም እንጠይቅዎ፤ ማስጠንቀቂያ ደርሶዎታል? በ90 ቀናት ውስጥ ሦስት የቅጂ መብት ማስጠንቀቂያ የደረሰው ቻናል ሊዘጋ ይችላል። የተነሳው ቪዲዮ እንዲመለስልዎ ለዩቲዩብ የተቃውሞ ማስታወቂያ ሲልኩ በሐሰት ቢናገሩ በሕግ የሚያስጠይቅ ማረጋገጫ ይሰጣሉ፤ ከአሜሪካ ውጭ ቢኖሩም በዚያ ፍርድ ቤት ለመዳኘት ይስማማሉ። ስለዚህ የደረሰዎትን ኢሜይል፣ የኤዲቲንግ ፋይሉንና የስክሪፕትዎን ረቂቅ ይዘው፣ የመላኪያውን ቁልፍ ከመጫንዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ።