ፋሲካ ለምን ቀኑን ይለውጣል? (መልስ)

«ጥምቀት ሁልጊዜ ጥር 11 ነው፤ ፋሲካ ግን ለምን በየዓመቱ ይለዋወጣል?»

ጥምቀት በፀሐይ ዓመት ብቻ ይቆጠራል፤ ፋሲካ ግን ጨረቃንም እሑድንም ይጠብቃል። አሥራ ሁለት የጨረቃ ወራት 354 ቀን ገደማ ስለሆኑ ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ይጎድላሉ፤ የቤተ ክርስቲያን የበዓላት ስሌት የሆነው ባሕረ ሐሳብም ይህን ጉድለት መጥቅዕ በተባለ፣ በየዓመቱ በሚለዋወጥ ቁጥር ይከታተለዋል።

የ2017 መጥቅዕ 29 ነበር። በዚሁ ቁጥር የሚውለው በዓለ መጥቅዕ፣ መስከረም 29፣ ረቡዕ ስለዋለ የረቡዕን ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የተመደበውን ተጨማሪ ቁጥር 4 ስንጨምር 33 ይሆናል፤ ድምሩ በጥር ወር ስለሚቆጠር ከ30 ሲያልፍ 30ው ተገድፎ የነነዌ ጾም የካቲት 3 ገባች። በ2018 መጥቅዑ ወደ 18 ወረደ፤ መስከረም 18 እሑድ ነበርና ተውሳኩ 7፣ ድምሩም 25 ሆኖ ነነዌ ጥር 25 ዋለች። ፋሲካ ከነነዌ 69 ቀን በኋላ ስለሆነ በ2017 ሚያዝያ 12፣ በ2018 ደግሞ ሚያዝያ 4 ይውላል።

ልብ ይበሉ፤ መጥቅዑ 11 ቀን ሲመለስ በዓሉ የተመለሰው 8 ቀን ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ተውሳክ የተሠራው ነነዌን ምንጊዜም ሰኞ፣ ፋሲካንም እሑድ ላይ ለማሳረፍ ነው። መጥቅዑ ከ14 ሲያንስ ደግሞ በዓለ መጥቅዕ ከመስከረም ወደ ጥቅምት ይሻገራል፤ በ2019 መጥቅዑ 7 ስለሆነ ፋሲካ ወደፊት ዘሎ ሚያዝያ 24 የሚውለው በዚህ የተነሣ ነው።