በየሌሊቱ ከሚሞላ ሺት ዳሽቦርድ መሥራት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ሱሉልታ፣ በወተት ማሰባሰቢያ የሒሳብ ሠራተኛ)፦ የሦስት ጣቢያዎቻችንን የቀን ሊትር አንድ ስክሪፕት ሌሊት ጎግል ሺት ላይ ይጽፋል። ሥራ አስኪያጁ ጠዋት የሚያየው ዳሽቦርድ እንዴት ልሥራለት?

መልስ፦ ስክሪፕቱ የሚጽፍበትን ገጽና ሰው የሚያየውን ገጽ ይለያዩ። የመጀመሪያውን raw ብለው ይሰይሙትና ቀን፣ ጣቢያ፣ ሊትር የሚሉ ሦስት ዓምዶች ብቻ ይኑሩት። ከሥሩ ድምር አይጻፉበት፤ ስክሪፕቱ ረድፍ የሚጨምርበት appendRow የሚጽፈው ይዘት ካለው የመጨረሻ ረድፍ በታች ስለሆነ አዲሱ መረጃ ከድምሩ በታች ይወርዳል። በሁለተኛው ገጽ ላይ እነዚህን ያስገቡ፦

```
B1: =MAX(raw!A2:A)
B2: =SUMIFS(raw!C2:C, raw!A2:A, B1)
B3: =COUNTIFS(raw!A2:A, B1)
```

B1 የመጨረሻውን መረጃ ቀን፣ B2 የዚያን ቀን ድምር፣ B3 ስንት ጣቢያ እንደተመዘገበ ያሳያሉ። ቀኑ ከቁጥሩ አጠገብ በጉልህ ካልታየ፣ ስክሪፕቱ ባልሠራበት ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ያለፈውን ቁጥር እንደ አዲስ ያነበዋል። B3ን ደግሞ እንዳይተዉት እለምንዎታለሁ። ጣቢያዎቹ 412፣ 365 እና 298 ሊትር ቢያስገቡ ድምሩ 1075 ነው፤ የሦስተኛው ሳይጻፍ ቢቀር ግን ዳሽቦርዱ 777 ይላል፣ በጾም ወቅት ከሆነ ደግሞ ማንም አይጠረጥርም። B3 ላይ 2 መታየቱ ብቻ ነው ወተቱ እንዳልቀነሰ፣ መረጃው እንደጎደለ የሚነግረን። ጣቢያው በእርግጥ ወተት ካልተቀበለ ስክሪፕቱ 0 ይጻፍ።

ጥያቄ (ለገጣፎ፣ በሪፖርት ሥራ የቆየ)፦ ሉከር ስቱዲዮ ላይ አገናኝቶ Data freshness የሚለውን 15 ደቂቃ ማድረግ ይበቃል። ያኔ ቀጥታ ሆነ ማለት ነው፤ ለምን ይወሳሰባል?

መልስ፦ ሉከር ስቱዲዮን መጠቀሙ ጥሩ ነው፣ ለጎግል ሺትም 15 ደቂቃ ትክክለኛ ምርጫ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ቅንብር የሚወስነው ሪፖርቱ አስቀድሞ ያመጣውን መረጃ ለምን ያህል ጊዜ ይዞ እንደሚቆይ ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ የሚሞላን ሺት አያፋጥነውም፣ ስክሪፕቱ መቅረቱንም አይናገርም። በተጨማሪም በአፕስ ስክሪፕት የየዕለት ማስጀመሪያ ሲመርጡ የሚሰጥዎት የአንድ ሰዓት ክልል ስለሆነ ሥራው በዚያ ክልል ውስጥ በማንኛውም ደቂቃ ሊጀምር ይችላል።

ጥያቄ (ሰበታ፣ የዶሮ እርባታ ባለቤት)፦ የእኔ ግራፍ ደግሞ ተዘበራረቀ። የእንቁላሉን ቁጥር በእጄ ነው የምሞላው፣ ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ። ስክሪፕት ስለሌለኝ ይሆን?

መልስ፦ ስክሪፕት ባለመኖሩ አይደለም። ሺቱ ጥቅምትን በ2ኛ ወርነቱ ስለሚያነበው ጥቅምት ሳይሆን የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ይሆንበታል፣ ጥቅምት 30ንም ቀን አድርጎ ሊቀበለው አይችልም፤ ጳጉሜን ደግሞ 13ኛ ወር ስለሆነች ቦታ የላትም። ከዚህ የሚከፋው የተቀሩት ቀኖች ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ተሳስተው መግባታቸው ነው። በA ዓምድ የፈረንጆቹን ቀን ይጻፉ፣ የእኛን ቀን በሌላ ዓምድ እንደ ጽሑፍ ያስቀምጡና ሰው እርሱን ያንብብ።

ጥያቄ (የሱሉልታው ጠያቂ በድጋሚ)፦ ሠራሁት። ስክሪፕቱ ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሠራ ቀኑ አንድ ቀን ወደ ኋላ ይቀራል፤ ቀን ላይ በእጄ ሳስነሣው ትክክል ይሆናል።

መልስ፦ የነገሩኝ ልዩነት ራሱ ምክንያቱን ይጠቁማል፤ ስክሪፕቱ ቀኑን የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት በዩቲሲ ይመስላል። እኛ ከዩቲሲ 3 ሰዓት እንቀድማለን፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በዩቲሲ ገና ያለፈው ቀን 23:00 ስለሆነ ስክሪፕቱ የሚመዘግበው «ትናንት» ከዚያ ላይ ሲሰላ ሁለት ቀን ወደ ኋላ ይሄዳል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ ግን የሁለቱ ቀን አንድ ይሆናል። በአፕስ ስክሪፕት ከሆነ ሰዓት ሰቁን እንዲህ በግልጽ ይጻፉለት፦

```
const d = new Date(Date.now() - 24*60*60*1000);
const day = Utilities.formatDate(d, "Africa/Addis_Ababa", "yyyy-MM-dd");
```

የሺቱ ሰዓት ሰቅ ከስክሪፕቱ የተለየ ቅንብር ስለሆነ File ሥር Settings ገብተው እርሱንም ያረጋግጡ። በእጅዎ ሲያስነሡት ደግሞ B3ን ይመልከቱ፤ 6 ካሳየ ያው ቀን ሁለት ጊዜ ተጽፏል፣ ድምሩም እጥፍ ሆኗል። ስለዚህ ስክሪፕቱ ከመጻፉ በፊት ያ ቀንና ያ ጣቢያ መኖሩን ይፈልግ፤ ካገኘ ረድፉን ይተካ፣ ካጣ ብቻ አዲስ ይጨምር።

ጥያቄ (ቱሉ ዲምቱ)፦ ወተት የሚያመጡት አርሶ አደሮችስ በስልካቸው ሊያዩት ይችላሉ?

መልስ፦ ሺቱ ላይ Publish to web ሲመርጡ ፋይሉን በሙሉ ሳይሆን የሚታየውን ገጽ ብቻ መምረጥ ይቻላል፤ ሊንኩ የደረሰው ሁሉ ግን ያለ መግቢያ ቃል ያየዋል። የአንዱን ጣቢያ ሊትር ሌላው ጣቢያ ማየት አለበት ወይ የሚለውን እኔ ልወስነው አልችልም፣ በአርሶ አደሮቹ መካከልም ስምምነት ያለ አይመስለኝም። እስኪስማሙ ድረስ ጠቅላላ ድምሩንና ቀኑን ብቻ ያሳዩ።