16 ስላይድ የነበረውን ካሮሴል የት የት እንቁረጠው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጅማ ነው። በማርኬቲንግ ተመርቄ ሥራ እየፈለግኩ ነው። አንድ ቡና ላኪ ድርጅት ለማኅበራዊ ሚዲያ ባለሙያ ቅጥር ፈተና ብሎ፣ ያልታጠበ ቡና አደራረቅን ለአርሶ አደር ልጆች የሚያሳይ፣ ስላይዶቹ በጣት እየተገፉ የሚታዩበት ፖስት ማለትም ካሮሴል እንድሠራ ሰጠኝ። 16 ስላይድ ሠርቼ ስልክላቸው ‹በዝቷል፣ አሳጥረሽ መልሺው› አሉኝ፤ ቁጥር ግን አልነገሩኝም። ስንት ላድርገው? የቱንስ ልቁረጥ? ሥራውን አያይዤዋለሁ።»

መልስ፦ እህታችን፣ አንድም ስላይድ ከመሰረዝሽ በፊት ወረቀት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። አንባቢው ማን እንደሆነ፣ አሁን በእጁ ምን እንዳለና አንብቦ ሲጨርስ ምን መሥራት እንደሚችል ይናገር። ለአንቺ ሥራ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ቀይ እሸት ለቅሞ ያስገባና የማድረቂያ አልጋ ያለው ወጣት፣ ቡናውን ሳያሻግት አድርቆ ያስቀምጣል።» ከዚያ እያንዳንዱን ስላይድ በተራ አንስተሽ፣ «ይህ ባይኖር ልጁ ቡናው ላይ ምን ስህተት ይሠራል?» ብለሽ ጠይቂ። መልስ ያለው ይቆያል፤ መልስ የሌለው ይወጣል። የስላይዱ ቁጥር የሚገኘው ከዚህ ነው።

በዚህ ዓይን የላክሽውን እንየው። ከ2 እስከ 4 ያሉት ስላይዶች የቡናን መገኛ፣ የጅማ ዞን ቡና አብቃይ ወረዳዎችንና የጥራትን ጥቅም ይናገራሉ። የጎማ ወይም የማና ልጅ አካባቢው ቡና እንደሚያበቅል አንቺ እንድትነግሪው አይጠብቅም። ሦስቱም ይውጡ። ሌላም ምክንያት አለ፦ ኢንስታግራም የመጀመሪያውን ስላይድ አይቶ ላለፈ ሰው፣ አንዳንድ ጊዜ ያንኑ ፖስት ከሁለተኛው ስላይድ ጀምሮ እንደገና ያሳየዋል። ስለዚህ ሁለተኛው ስላይድ ብቻውን ቆሞ አንባቢን መያዝ አለበት፤ የታሪክ መግቢያ ደግሞ ያን አይችልም።

5ኛው የታጠበና ያልታጠበ ቡናን ልዩነት ያብራራል። ጥሩ ተደርጎ ተሠርቷል፤ ግን ልጁ ያልታጠበ ለማዘጋጀት ቀድሞ ወስኗል። 6ኛው ስለ ለቀማ ነው፤ እሸቱ ደግሞ ቤት ገብቷል። 8ኛው አልጋ እንዴት እንደሚሠራ፣ 9ኛው ከመሬት ይልቅ አልጋ ለምን እንደሚሻል ያሳያሉ፤ እነዚህ የሚጠቅሙት አልጋ ለሌለው ሰው ነው። አራቱንም አትጣያቸው። ለቀማው አንድ ካሮሴል፣ የአልጋው ሁለቱ ተጣምረው ሌላ፣ ልዩነቱም ሦስተኛ ይወጣቸዋል። 16ኛው «እናመሰግናለን» የሚለው ይሰረዝ።

የቀሩት ሽፋኑ፣ እሸቱን መለየት (7)፣ ውፍረት (10)፣ ማገላበጥ (11)፣ መሸፈን (12)፣ የሚፈጀው ጊዜ (13)፣ መድረቁን ማወቅ (14) እና ማስቀመጥ (15) ናቸው። 13ኛው ብቻውን ስላይድ አይሆንም። የአየሩ ሁኔታ ቀኑን ስለሚለዋውጠው፣ «ከሁለት እስከ አራት ሳምንት» የሚለው ከመድረቅ ምልክቶቹ አጠገብ አንድ መስመር ይበቃዋል። ለብቻው ሲቆም ልጁ ቡናውን ሳይሆን ቀኑን ይቆጥራል።

14ኛው ግን መከፈል አለበት። አሁን በአንድ ገጽ ላይ የፍሬው ቀለም፣ ሲነቀነቅ የሚሰማው ድምፅና የእርጥበት መለኪያ ቁጥር ተጨናንቀዋል። ልጁ እነዚህን የሚጠቀመው በሁለት የተለያየ ሰዓት ነው። ቀለሙን አይቶ፣ ከነልጣጩ የደረቀውን ጀንፈል ጆሮው አጠገብ ነቅንቆ ፍሬው ውስጡ ሲንኳኳ የሚሰማው እቤቱ ነው፤ ከ11 እስከ 12 በመቶ የሚለው ቁጥር የሚጠቅመው ደግሞ መለኪያ ያለው ሰው ዘንድ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ሁለት ስላይድ ይሁኑ። ሲቆጠር ዘጠኝ ወጥቶ ሰባት ቀረ፤ አንዱ ለሁለት ሲከፈል ስምንት ሆነ።

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «አሳጥሪ» ሲባል ሁለት ስላይድ አንድ ላይ አጭቆ ፊደሉን ያሳንሳል። ቁጥሩ ይቀንሳል፣ ንባቡ ግን አይቀንስም፤ እንዲያውም ይከብዳል። በ1080 በ1350 ፒክስል ሸራ ላይ የምንመክረው በአንድ ስላይድ እስከ 25 ቃል ነው፤ የፊደሉም መጠን ከ40 እንዳያንስ። የእኛ ፊደል ጭረቱ ብዙ ስለሆነ ሲያንስ «ጨ»ን ከ«ጬ»፣ «ሰ»ን ከ«ሱ» መለየት ያስቸግራል። አንድ ስላይድ ከ25 ቃል ካለፈ መጀመሪያ ቃሉን ቀንሺ። ካልቀነሰና በውስጡ ሁለት የተለያዩ ተግባራት ካሉ ክፈይው። ተግባሩ አንድ ሆኖ ማብራሪያው ከረዘመ፣ ማብራሪያው ከፖስቱ ጋር በሚጻፈው ካፕሽን ውስጥ ይግባ።

12ኛው ላይ አንድ ነገር አስተካክይ። በቀትር ፀሐይ ሸፍኑ ብለሻል። ይህ ምክር በዋናነት የሚሰጠው የታጠበ ቡና ከነገለፈቱ ሲደርቅ፣ ገለፈቱ እንዳይሰነጠቅ ነው። ያልታጠበው ላይ ዋናው ከሌሊት ጤዛና ከዝናብ መከላከል፣ ጠዋት ደግሞ ላብ እንዳይዝ ላስቲኩን ማንሳት ነው። አንዱ ዓይነት ምክር ወደ ሌላው የገባው 5ኛው ስላይድ ሁለቱን አዘገጃጀት አንድ ላይ ስላመጣቸው ይመስለናል። ከመላክሽ በፊት 7፣ 10፣ 11 እና 12ን የቡና ጥራት የሚያውቅ ሰው ይያቸው፤ ውፍረቱን ከ4 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ማለትሽ ትክክል ነው።

ኢንስታግራም በ2024 ጣሪያውን ከ10 ወደ 20 ስላይድ ስላሳደገው 16ቱ እዚያ ይገባ ነበር። ብዙው አንባቢሽ ያለበት ቴሌግራም ግን በአንድ አልበም 10 ፎቶ ብቻ ስለሚይዝ 16ቱ አሥርና ስድስት ሆነው ለሁለት ይከፈላሉ። ስምንቱ ሳይከፈል ያልፋል። አልበሙ ሁሉንም ፎቶ በአንድ ጊዜ ደርድሮ ስለሚያሳይ ግን ቅደም ተከተሉ እንዳይጠፋ የእያንዳንዱ ጥግ ላይ «3/8» ብለሽ ቁጥር ጻፊበት።

ከጨረስሽ በኋላ ርዕሱን ለማያውቁ ሁለት ሰዎች ስልክሽን ስጪ፤ ምንም አታብራሪ፣ አጠገባቸው ሆነሽ ጣታቸውን ብቻ ተመልከቺ። ወደ ኋላ የሚመልሱበት ስላይድ ያልጠራ ወይም ሁለት ነገር የያዘ ነው። ሳይቆሙ የሚያልፉት ምናልባት ትርፍ ነው። ከዚያ ስልኩን ተቀብለሽ «ቡናውን እንዴት ታደርቀዋለህ?» በይ። የዘለሉት እርምጃ የትኛው ስላይድ ላይ እንደነበር አይተሽ ርዕሱን አስተካክይ።

ስትመልሺላቸው ከስምንቱ ስላይድ ጋር አንድ ገጽ ጨምሪ። የወጣው እያንዳንዱ ስላይድ ወዴት እንደሄደ በአንድ በአንድ መስመር ጻፊበት፦ ተሰረዘ፣ ካፕሽን ገባ፣ ከሌላው ተዋሐደ ወይም ለሌላ ካሮሴል ተቀመጠ። ለቃለ መጠይቅ ቢጠሩሽና «ስምንት ለምን?» ቢሉሽ መልስሽ ያ ገጽ ነው። «ስድስት አድርጊው» ቢሉሽም ቅደም ተከተሉን ቀድመሽ እወቂ፤ መጀመሪያ የመለኪያው ቁጥር ካፕሽን ይገባል፣ ቀጥሎ ማስቀመጥ የሚለው ለብቻው ፖስት ይሆናል። ውፍረት፣ ማገላበጥና መሸፈን ግን አይነኩም፤ ቡናው የሚሻግተው በእነሱ ጉድለት ነውና፣ ከሦስቱ አንዱን አውጪ ካሉሽ ምክንያቱን ነግረሽ ተከራከሪ።