«አማካይ»፣ «መካከለኛ» እና «ድግግሞሽ» በአንድ የሒሳብ ወርክሺት ላይ

ጥያቄ፦ «ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት። ወርክሺቷ ላይ አንድ የጣና ዓሣ አጥማጅ በዘጠኝ ቀናት ያወጣው የዓሣ ብዛት 14፣ 8፣ 11፣ 46፣ 17፣ 8፣ 13፣ 10፣ 8 ነው ይልና ‹ከቁጥሮቹ መካከል አማካዩን፣ መካከለኛውንና ድግግሞሹን ፈልጉ› ብሎ ይጠይቃል። እሷ 15፣ 17 እና 3 ብላ መለሰች። ትክክል የተባለላት 15 ብቻ ነው። እኔ ደግሞ አማካይና መካከለኛ አንድ ይመስሉኝ ነበር። ስህተቱ የልጄ ነው ወይስ የአማርኛው? ‹አማካይ› ነው ወይስ ‹አማካኝ› የሚባለው?» (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ልጅዎ ስሌት አልተሳሳተችም። 17ም ሆነ 3 የጥያቄውን ቃላት በዕለት ተዕለት ፍቺያቸው የሚረዳ ጠንቃቃ አንባቢ የሚደርስባቸው መልሶች ናቸው። መምህሩ የጠበቀው ግን ሌላ ነበር፤ በሁለቱ ጥያቄዎች ትክክለኛዎቹ መልሶች 11 እና 8 ናቸው። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ለማየት ቃላቱን አንድ በአንድ መፍታት ይኖርብናል።

«አማካይ» የተገኘው «አማከለ» ከሚለው ግስ ነው። በአማርኛ የግሱ የመጨረሻ ፊደል «ለ» ሲሆን፣ ከግሱ የሚወጣው የአድራጊ ስም በ«ይ» ይጨርሳል፤ «ከፈለ» ብለን «ከፋይ»፣ «ነቀለ» ብለን «ነቃይ» እንላለን። በ«ኝ» የሚጨርሱት መጨረሻቸው «ነ» ከሆነ ግሶች የሚወጡት ናቸው፤ «ለመነ» ብሎ «ለማኝ»፣ «መዘነ» ብሎ «መዛኝ» እንደሚባለው። ስለዚህ ደንቡን ተከትሎ የወጣው «አማካይ» ነው። «አማካኝ» ግን በንግግርም በጽሑፍም በሰፊው የሚሠራበት ስለሆነ ተማሪ ቢጽፈው ነጥብ ሊቀነስበት አይገባም። እንደ እኔ ግምት «መካከለኛ» በሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ያለው «ኛ» ወደ ራሱ ስቦት ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ደግሞ ሁለቱን ቃላት ይበልጥ ስለሚያቀራርብ፣ በተለይ በሒሳብ ትምህርት «አማካይ» በሚለው መጽናት ይሻላል።

በትርጉሙም ቃሉ ሥራውን በደንብ ይገልጻል። አጥማጁ በዘጠኙ ቀናት ከታንኳው ያወረደው ዓሣ ሁሉ በሐይቁ ዳር በአንድ ላይ ተከመረ እንበል፤ ድምሩ 135 ነው። ይህ ክምር እንደገና ለዘጠኙ ቀናት እኩል ቢታደል ለእያንዳንዱ ቀን 15 ይደርሰዋል። አማካይ ማለት የበዛውን ቀን ቀንሶ የጎደለውን ቀን የሚሞላ፣ ሁሉንም ወደ አንድ ልክ የሚያመጣ ቁጥር ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ አጥማጁ ከዘጠኙ ቀናት በአንዱም 15 ዓሣ አለማውጣቱ ነው። 15 በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ መኖርም አይጠበቅበትም።

ይህ ወደ ወርክሺቱ የመጀመሪያ ጉድለት ይወስደናል። «ከቁጥሮቹ መካከል» ስንል «ከእነዚህ ውስጥ አንዱን» ማለታችን ነው፤ «ከልጆቹ መካከል አንዱ መጣ» ሲባል የመጣው በመሃል የቆመው ልጅ ነው ማለት እንዳልሆነ ሁሉ። አማካዩን «ከቁጥሮቹ መካከል» ፈልጉ ማለት ተማሪው ከዝርዝሩ ውስጥ እንዲመርጥ ማዘዝ ነው፤ አማካይ ግን ይሰላል እንጂ አይመረጥም። ልጅዎ ትእዛዙን ቃል በቃል ሳትከተል በመደመርና በማካፈሏ ነው በመጀመሪያው ጥያቄ የተሳካላት። በዚያው ዓረፍተ ነገር ላይ «መካከለኛውን» የሚል ሲጨመርበት ደግሞ «መካከል» የሚለው ቃል በሁለት የተለያየ ፍቺ ጎን ለጎን ይቆማል፤ ግራ መጋባቱም ከዚህ ይጀምራል።

«መካከለኛ» በሒሳቡ ቋንቋ ሚዲያን የሚባለው ነው። ልጅዎ ዘጠኙን ቁጥሮች በተጻፉበት ቅደም ተከተል ቆጥራ አምስተኛውን ወሰደች፤ ከግራም ከቀኝም አራት አራት ቁጥሮች ስላሉት 17 በእርግጥ በመሃል ተቀምጧል። የቀረው ማሰለፉ ነው። ይህን ለማስረዳት ራሱ አማርኛችን ጥሩ ምሳሌ አለው። ሦስት ልጆች ባሉበት ቤት «መካከለኛው ልጅ» ሲባል በመሶቡ ዙሪያ በሁለቱ መሃል የተቀመጠው ልጅ ማለት አይደለም፤ የትም ቢቀመጥ ከታላቁ የሚያንስ፣ ከታናሹ የሚበልጥ ልጅ ማለት ነው። የወርክሺቱ መካከለኛም እንደዚሁ በመጠን ተራ እንጂ በመቀመጫ የሚታወቅ አይደለም። ቁጥሮቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲሰለፉ 8፣ 8፣ 8፣ 10፣ 11፣ 13፣ 14፣ 17፣ 46 ይሆናሉ፤ አምስተኛው 11 ነው።

በማሰለፉ ላይ ሌላ ስህተት አለ፤ እሱም ከቋንቋ ይመጣል። «ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል ጻፉ» የተባለ ተማሪ 8ን አንድ ጊዜ ብቻ ጽፎ ወደ 10 ያልፋል፤ 8 አንድ ቁጥር ነው ብሎ ስለሚያስብ መደጋገሙ ትርፍ ይመስለዋል። እንዲህ ሲሆን ሰባት ቁጥሮች ብቻ ይቀሩና መካከለኛው 13 ይሆናል። ሦስቱ ስምንቶች ግን የሦስት የተለያዩ ቀናት ውጤቶች ናቸው። ስለዚህ ካሰለፉ በኋላ ቁጥሮቹን እንደገና መቁጠር ያስፈልጋል፤ ዘጠኝ ሆነው ገብተው ዘጠኝ ሆነው ካልወጡ አንዱ ቀን ጠፍቷል ማለት ነው።

የቀኖቹ ቁጥር ሙሉ ቢሆንስ ማለትዎ አይቀርም። በአሥረኛው ቀን 12 ዓሣ ተገኘ እንበል። ሰልፉ አሥር ሲሆን ብቻውን በመሃል የሚቆም ቁጥር አይኖርም፤ አምስተኛው 11 እና ስድስተኛው 12 ጎን ለጎን ይቆማሉ። ያኔ ሁለቱን ደምሮ ለሁለት በማካፈል 11.5 ይገኛል። ግማሽ ዓሣ የሚባል ነገር የለም ብለው የሚከራከሩ ተማሪዎች አሉ፤ ክርክሩ ደስ ይላል፣ ነገር ግን 11.5 የተጠመደ ዓሣ ሳይሆን አምስቱን ዝቅተኛ ቀናት ከአምስቱ ከፍተኛ ቀናት የሚለይ ድንበር ነው። ለመካከለኛው የምንፈልገው አማካይ የሁለቱን ቁጥሮች ብቻ መሆኑንም ልጅዎ ልብ ትበል፤ የአሥሩም አማካይ ሌላ ነው፣ 14.7።

ከሦስቱ ቃላት አጥብቄ የምቃወመው «ድግግሞሽ» የሚለውን ነው። ድግግሞሽ ማለት አንድ ነገር የተመላለሰበት ጊዜ ብዛት ነው። 8 ሦስት ጊዜ ስለመጣ ድግግሞሹ 3 ነው፤ ልጅዎም የጻፈችው ይህንኑ ነው። በአማርኛው መልሷ እንከን የለውም። ወርክሺቱ የፈለገው ግን ሞዱን፣ ማለትም ከሁሉ ይልቅ የተደጋገመውን ቁጥር ራሱን ነው፤ እሱ ደግሞ 8 ነው። የተደጋገመው ነገርና የተደጋገመበት ልክ በአንድ ስም ሊጠሩ አይችሉም። «የበዛውን ቁጥር» ብሎ ማሻሻልም አያዋጣም፤ «የበዛው» ሲባል ትልቁ፣ ማለትም 46 ተብሎ ሊረዱት ይችላሉና። እዚህ ላይ «ሞድ» የሚለውን የውሰት ቃል መያዝ ከሁሉም ይሻላል፤ ከሌላ የአማርኛ ቃል ጋር በፍቺ አይጋጭም።

«ሚዲያን» ግን ያን ያህል አያስመካም። ከ«ሚዲያ» ጋር የተሳቢው «ን» የተጨመረበት ስለሚመስል «ሚዲያን ፈልጉ» የሚለው ትእዛዝ ጋዜጣና ሬዲዮ ፍለጋ የሚልክ ይመስላል። «ሚዲያኑን» ተብሎ ሲጻፍ ብቻ ነው ጥርጣሬው የሚጠፋው። ስለዚህ በዚህኛው ቃል ላይ እኔ የማሰለፉ ትእዛዝ አስቀድሞ እስከተጻፈ ድረስ «መካከለኛ»ን አልጥለውም።

ስለ ሞድ አንድ ነገር ልጨምር። «ሞዱን» ስንል በመጨረሻው ላይ ያለው አመልካች አንድ ሞድ ብቻ እንዳለ አስቀድሞ ይወስናል። አጥማጁ በዘጠነኛው ቀን በ8 ፈንታ 11 ዓሣ አውጥቶ ቢሆን ኖሮ 8 ሁለት ጊዜ፣ 11 ሁለት ጊዜ ይመጡና ሁለቱም ሞድ ይሆኑ ነበር፤ በእያንዳንዱ ቀን የተለያየ ብዛት ቢያወጣ ደግሞ ሞድ የለም ተብሎ ይመለሳል። ተማሪው «ሞዱን» የሚለውን አምኖ አንዱን መርጦ ሌላውን ይተዋል፣ ወይም በሌለበት አንድ ቁጥር ይፈጥራል።

የሦስቱ ልዩነት ከፈተና ውጭም ቃል ያስተካክላል። ከእነዚህ ቁጥሮች ተነሥቶ «አጥማጁ በቀን በአማካይ 15 ዓሣ ያወጣል» ቢባል እውነት ነው፤ «አብዛኛውን ጊዜ 15 ያወጣል» ቢባል ግን ሐሰት ይሆናል። ከዘጠኙ ቀናት በሰባቱ ያገኘው ከ15 በታች ነው። አማካዩን ወደ ላይ የጎተተው 46 ዓሣ የወጣበት አንዱ ቀን ነው፤ ያ ቀን ቢቀር የስምንቱ ቀናት አማካይ ወደ 11 ገደማ ይወርዳል። መካከለኛው ግን ያ ቀን 46 ቢሆን ወይም 460 ቢሆን ከ11 አይነቃነቅም። ስለዚህ ስለ አጥማጁ የተለመደ ቀን መናገር የሚፈልግ ሰው 11ን፣ አጠቃላይ ገቢውን ለማስላት የሚፈልግ ሰው 15ን ይይዛል። በሰዎች ንግግር ውስጥ «በአማካይ» የሚለው ቃል «በግምት» ወይም «እንደ ልማዱ» ለማለት ሲውል ብዙ ጊዜ እሰማለሁ፤ ከሦስቱ የትኛው እንደተፈለገ ለይቶ መናገር ይገባል።

ለልጅዎ መምህር ቢያሳዩት ጥያቄው እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል እላለሁ፦ «የዘጠኙን ቁጥሮች አማካይ አስሉ። ቁጥሮቹን፣ የተደጋገሙትንም ሳትተዉ፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ አሰልፋችሁ መካከለኛውን (ሚዲያኑን) ለዩ። ከሌሎቹ ይልቅ የተደጋገመ ቁጥር ወይም ቁጥሮች ካሉ ሞድ ብላችሁ ጻፉ፤ ድግግሞሹንም ለብቻው አስፍሩ።» በዚህ አጻጻፍ ልጅዎ የጻፈችው 3 በመጨረሻው ክፍት ቦታ ላይ ትክክለኛ መልስ ሆኖ ይገባል።