ሰብሳቢ ሆኖ ጭቅጭቅ ማብረድ

«የኮንዶሚኒየም ማህበራችን ሰብሳቢ ነኝ። በውሃ ፓምፕ ወጪ ስብሰባው ጦፏል። ሳላዳላ ምን ብዬ ላብርድ?»

መጀመሪያ «ተረጋጉ» አይበሉ፤ የተቆጣ ሰው «እኔ ነኝ እንዴ የማልረጋጋው?» ብሎ ይብሳል። ይልቅ ሥርዓቱን ያስታውሱ፦ «አንድ ጊዜ፣ ወይዘሮ ይጨርሱ። ቀጥሎ እርስዎ ነዎት፣ መዝግቤዎታለሁ።» ተራው እንደማያልፈው ያወቀ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ከዚያ የሁለቱንም ወገን ሐሳብ መልሰው ይንገሯቸው። «የምድር ቤት ነዋሪዎች ውሃው ያለ ፓምፕ ስለሚደርሰን ለምን እኩል እንከፍላለን ይላሉ። የላይኞቹ ፓምፑ የሕንፃው የጋራ ንብረት ነው ይላሉ። ያጎደልኩት አለ?» ለሁለቱም እኩል ጊዜ ይስጡ። «ልክ ብለዋል» ከአፍዎ አይውጣ፤ «ተመዝግቧል» ይበቃል። ጭንቅላት መነቅነቅም ቢሆን እንደ ድጋፍ ይቆጠራል።

ነገሩ ወደ ሰው ከዞረ፣ ለምሳሌ «ገንዘቡን በልታችሁታል» ከተባለ፣ «ክሱ ከባድ ነው፤ ሂሳቡን ኦዲተር ይይልን የሚል ሐሳብ ካለ ለብቻው አቅርቡ። አሁን ያለንበት አጀንዳ ክፍያው በወለል ይለያይ ወይስ እኩል ይሁን የሚለው ነው» ይበሉ። ክሱን አላፈኑም፣ አላጸደቁምም።

ሁለት ሰው አንድ ላይ መጮህ ካላቆመ የአሥር ደቂቃ እረፍት ይስጡ። ሲመለሱ ለመጨረሻው ተናጋሪ ሳይሆን እስካሁን ላልተናገረ ሰው ዕድል ይስጡ።

እርስዎስ የምድር ቤት ነዋሪ ነዎት? ከሆኑና መከራከር ካማረዎት፣ «በዚህ ነጥብ ላይ እኔም ስለሚመለከተኝ ምክትሌ ይምራልን» ብለው ወንበሩን ይልቀቁ።