«ኒሽት ሙስ» ክልከላ አይደለም

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። ጀርመንኛ ኤ2 እየተማርኩ ነው። ሞዳል ፌርብ ላይ ኒሽት ዳርፍ እና ኒሽት ሙስ ተምታተውብኛል። ሁለቱንም “የለብሽም” ብዬ ነው የያዝኳቸው። ፈተና ላይ ግን አንዱ ሁሌ ስህተት ይሆንብኛል። በቀላሉ የሚያስረዳኝ አለ?»

ሰላም እህቴ። ያሳሳተሽ ጀርመንኛው ሳይሆን «የለብሽም» የምትለዋ ናት። እኔ እዚህ ጀርመን አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምሠራው። እነዚህን ሁለት አባባሎች በየቀኑ እሰማለሁ፣ እላለሁም። ስለዚህ ከሥራው እየጠቀስኩ ላስረዳሽ።

ሙስ የሙሰን፣ ዳርፍ ደግሞ የዱርፈን እርባታ ናቸው። ሙሰን ግዴታ ነው። ዱርፈን ፈቃድ ነው። አሉታው ኒሽት ሲመጣ ከሙሰን ላይ ግዴታውን ያነሳል፤ ከዱርፈን ላይ ደግሞ ፈቃዱን። ግዴታ ሲነሳልሽ ነፃ ነሽ። ፈቃድ ሲነሳብሽ ተከልክለሻል።

«ዱ ሙስት ኒሽት ኮመን» ስትባዪ ባትመጪም ይሆናል ማለት ነው። መምጣት ከፈለግሽ ግን የሚከለክልሽ የለም። «ዱ ዳርፍስት ኒሽት ኮመን» ከተባልሽ ግን እንዳትመጪ ነው።

አማርኛው ላይ ምን እንደሚፈጠር ተመልከቺ። ሙሰንን «አለብሽ» ብለሽ ያዝሽ። እሱ ልክ ነው። ከዚያ አሉታው ሲመጣ ወደ «የለብሽም» ገለበጥሽው። እኛ ግን «መምጣት የለብሽም» ስንባል የምንሰማው «አትምጪ» የሚለውን ነው። ስለዚህ ጀርመኑ ነፃ ሲለቅሽ አንቺ ተከለከልኩ ትያለሽ። እንግሊዝኛ የምናውቅ ደግሞ ይብስብናል፤ «መስት ኖት» እዚያም ክልከላ ነውና ከሙሰን ጋር በድምፅ ተመሳስሎ ያስተናል። ኒሽት ሙስ ባየሽ ቁጥር «የለብሽም»ን እርሺና «ግዴታ አይደለም» ወይም «ባይሆንም ችግር የለውም» በይ። ለኒሽት ዳርፍ ደግሞ «አይፈቀድም» በይ።

ጥርጣሬ ሲገባሽ መሞከሪያ አለ። ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ «ከፈለግሽ ግን ትችያለሽ» ብለሽ ጨምሪበት። ትርጉም ከሰጠ ኒሽት ሙስ ነው። «ዛሬ መክፈል ግዴታ አይደለም፣ ከፈለግሽ ግን ትችያለሽ» ያስኬዳል። «እዚህ ማጨስ አይፈቀድም፣ ከፈለግሽ ግን ትችያለሽ» ካልሽ ሰው ይስቅብሻል።

አሁን ወደ ሥራው። አንዲት አዲስ ሰልጣኝ ከኛ ጋር ነበረች፣ የኛው አገር ልጅ። ዳሌያቸው ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ሐኪሙ ገና ብቻቸውን እንዳይነሱ አዟል። እሷ በትሕትና «ዚ ሙሰን ኒሽት አውፍሽቴን» አለቻቸው። «መነሳት የለብዎትም» ማለቷ ነበር። እሳቸው የሰሙት ግን «አይቸገሩ፣ ባይነሱም ይሆናል» የሚል ደግነት ነው። «አኽ፣ ዳስ ጌት ሾን» ብለው፣ ማለትም «ኧረ ግድ የለም፣ እችላለሁ» ብለው፣ እግራቸውን ከአልጋው አወረዱ። ደግነቱ ሌላ ባልደረባ አጠገባቸው ስለነበረች ቶሎ ደግፋ ያዘቻቸው።

ልጅቷ ማለት የነበረባት «ዚ ዱርፈን ኖኽ ኒሽት አውፍሽቴን» ነው። መሐል ላይ ያለችውን «ኖኽ» ልብ በይ፤ «ገና» ማለት ናት። ለትልቅ ሰው በደረቁ «ዚ ዱርፈን ኒሽት» ማለት ፖሊስ ያስመስላል። «ኖኽ» ስትጨመር ክልከላው እንዳለ ሆኖ «ለጊዜው ነው» የሚል ማለስለሻ ይኖረዋል። «ላይደር»ም፣ ማለትም «በሚያሳዝን ሁኔታ»፣ ይሠራል። ብዙዎቻችን ሙሰንን የምንመርጠው ለስላሳ ስለሚመስለን ነው። ለስላሳነቱ ግን ክልከላውን ስለሚያጠፋው ነው።

የሐኪም ቀጠሮ ወረቀት ላይ ደግሞ ልዩነቱ ሆድሽን ይነካል። «ዚ ዱርፈን አፕ ሚተርናኽት ኒሽትስ ሜር ኤሰን» ከተባለ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም እንዳትበዪ ነው። በልተሽ ከሄድሽ ቀዶ ጥገናው ሊዘገይ ወይም ለሌላ ቀን ሊዛወር ይችላል። ለደም ምርመራ ደግሞ «ዚ ሙሰን ኒሽት ኑሽተርን ዛይን» ካሉሽ በባዶ ሆድ መምጣት ግዴታ አይደለም ነው። ቁርስሽን ብዪ። «በባዶ ሆድ መምጣት የለብሽም» ብለሽ የተረጎምሽው እንደሆነ ግን ሳትራቢ በግድ ልትበዪ ነው።

የመጀመሪያው ምሳሌ ላይ ኒሽት የለም፤ ያለው «ኒሽትስ» ነው። ፈተና ላይ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይወድቃል። «ካይን» እና «ኒሽትስ»ም ልክ እንደ ኒሽት ያው ሥራ ይሠራሉ። «ዱ ሙስት ኒሽትስ ሚትብሪንገን» ብሎ የጋበዘሽ ሰው ባዶ እጅሽን ብትመጪም ችግር የለውም እያለሽ ነው። እኛ አበሾች መቼም ባዶ እጃችንን አንሄድም፣ ይዘሽ ብትሄጂ አይቆጣም። «ዱ ዳርፍስት ኒሽትስ ሚትብሪንገን» ካለሽ ግን ይቆጣል።

ለኒሽት ሙስ ሌላ መንገድም አለ፤ «ብራውኸን» ከኒሽት ጋር። «ዱ ብራውኽስት ኒሽት ጹ ኮመን» ከ«ዱ ሙስት ኒሽት ኮመን» ጋር አንድ ነው። ከሙሰን ጋር «ጹ» አይገባም፣ ከብራውኸን ጋር ግን ይገባል። ሰው ሲያወራ ብዙ ጊዜ ይውጠዋል፣ አንቺ ግን ስትጽፊ እንዳትተዪው። ክልከላ ሊሆን ስለማይችል ለኛ የሚያስተማምነው እሱ ነው። ብትፈሪ በዚህ ተጠቀሚ።

ዞለንን አብረሽ ስላልጠየቅሽ በአጭሩ ልለፈው። ኒሽት ዳርፍ ሕግ ወይም ትእዛዝ ሲሆን፣ ኒሽት ዞል ሌላ ሰው «አታድርጊ» ማለቱን ያስተላልፋል። «ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳላነሳ ነግሮኛል» ስትዪ «ኢሽ ዞል ኒሽት ሽቬር ሄበን» ነው። አሥርቱ ትእዛዛትም በጀርመንኛ የሚጻፉት በዚሁ ነው፤ «አትግደል» «ዱ ዞልስት ኒሽት ቶተን» ይባላል። «ዞልተስት ኒሽት» ከሆነ ደግሞ ምክር ነው፤ «ባታደርጊ ይሻላል» እንደማለት።

ሦስት ነገር ደግሞ እንዳያደናግርሽ። ሰሜን ጀርመን ያሉ ሰዎች «ዳስ ሙስት ዱ ኒሽት ቱን» ብለው «እንዲህ ባታደርጊ» ለማለት ሲጠቀሙ ትሰሚ ይሆናል። የአካባቢው አነጋገር ነው፤ ፈተና ላይ አይጠቅምሽም። ሰው ደንግጦ «ዳስ ዳርፍ ዶኽ ኒሽት ቫር ዛይን!» ካለ ፈቃድ እየከለከለ አይደለም፤ «ኧረ ይሄማ ሊሆን አይችልም!» ማለቱ ነው። «ዳስ ሙስ ኒሽት ሽቲመን» ደግሞ «ሐሰት ነው» አይደለም፤ «የግድ እውነት ነው ማለት አይደለም» ነው። እርግጠኛ ሆነሽ ልትክጂ ከፈለግሽ «ዳስ ካን ኒሽት ሽቲመን» በይ።

ለልምምድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ልተውልሽ። አንዱ ስለ ጡረተኛው ጎረቤቴ ነው፤ «ኤር ሙስ ኒሽት ሜር አርባይተን»። ሌላው መንጃ ፈቃዱን ስለተነጠቀው ልጃቸው ነው፤ «ኤር ዳርፍ ኒሽት ሜር አውቶ ፋረን»። ሁለቱንም ወደ አማርኛ አምጪና እዚሁ ጻፊልኝ። «የለበትም» ግን እንዳትጠቀሚ፤ ኒሽት ዳርፍ ነው።