ድምፅ ዘግቶ ለሚያይ ተማሪ፦ አጭር ቪዲዮ ለምትሠሩ ወጣት መምህራን

ልጆቼ፣ እኔ ሂሳብ ያስተማርኩት በጠመኔ ነው። ቪዲዮ መሥራት የጀመርኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። የተሸወድኩባትን አንዲት ነገር ልንገራችሁ።

1/2 + 1/3ን የሚያሳይ የ45 ሰከንድ ቪዲዮ ሠራሁ። በአፌ ያልኩትን እንዳለ ስክሪኑ ላይ ጻፍኩት። ከሳምንት በኋላ የጎረቤት ልጅ ደብተሩን ይዞ መጣ። መልሱ 2/5 ይላል። "ከየት አመጣኸው?" ስለው "ከእርስዎ ቪዲዮ" አለኝ። ለካ ታክሲ ውስጥ ድምፁን ዘግቶ ነው ያየው።

እኔም ዘግቼ አየሁት። መጀመሪያ "ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ጋር" የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ቀጥሎ "በቀጥታ አንደምርም" ይላል፤ ያውም እጄ ቁጥር እየጻፈ ሳለ። ልጁ እጄን ሲከተል ሁለተኛዋ አመለጠችው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያመጣል፣ አሉታውም እዚያው ግሱ ላይ ነው ያለው። ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት ስትቆርጡት የፊተኛው ግማሽ "እንዲህ አድርጉ" ያለ ይመስላል።

አሁን ክልከላን ባንድ ጊዜ፣ ባንድ ስክሪን አወጣለሁ፦ "ታህት ከታህት አይደመርም"። ሦስት ቃል ብቻ። ስክሪኑ ላይ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ለመወሰን ቀስ ብዬ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፤ በፈጀብኝ ጊዜ ላይ አንድ ሰከንድ እጨምርበታለሁ። እስኪያልቅ እጄ አይንቀሳቀስም። ዓይን ባንዴ ጽሑፍም እጅም አያይማ።

ፊደሉም ወፈር ይበል። "አ" እና "እ" የሚለዩት በትንሽ ምልክት ነው፤ በቀጭን ፊደል፣ በትንሽ ስልክ ላይ ይደባለቃሉ። ጽሑፉን ደግሞ ከታችኛው ጠርዝ ከፍ አድርጉት። ቲክቶክ ላይ እዚያ የመለያ ስማችሁና የቪዲዮው መግለጫ ይሰፍራሉ፣ በቀኝ በኩል ደግሞ የላይክና የኮሜንት ምልክቶቹ አሉ።

አፋችን የለመደው "ይቺን ወደዚህ" የሚባል ነገርም አለ። በጽሑፍ ምንም አይገባም። ስሙን ጥሩት፦ "1/2 = 3/6"፣ ቀጥሎ "1/3 = 2/6"፣ ከዚያ "3/6 + 2/6 = 5/6"። መጨረሻ ላይ ማረጋገጫ ጨመርኩ፦ "2/5 ከ1/2 ያንሳል። ደምረን እንዴት አነሰ?" ያቺን ስሕተት የሠራ ልጅ እዚህ ጋ ይነቃል።

አዲሱን ለዚያው ልጅ ድምፅ ዘግቼ አሳየሁት። ዝም ብዬ ጠበቅኩ፣ ላስረዳ እየቃጣኝ። አይቶ ጨረሰና "6 ከየት መጣ?" አለኝ። እውነቱን ነው፣ እሱን የተናገርኩት በአፌ ብቻ ነበር። ተመልሼ "የ2 እና የ3 የጋራ ብዜት = 6" የሚል አንድ ስክሪን አስገባሁ።